ማኅተም፣ ፊርማ ወይም የእጅ ጽሑፍ ያረፈበት የደረሰኝ ድምር፦ አነባበቡና አስተካከሉ

ሕጋዊና በሁሉም ረገድ የተሟላ ደረሰኝ የጠቅላላ ድምሩ አኃዝ በሻጩ ማኅተም፣ በገንዘብ ተቀባዩ ፊርማ ወይም በሒሳብ ሠራተኛ ምልክት ተሸፍኖ ሊነበብ ሳይችል የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ደረሰኙ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ፣ ለወጪ ማረጋገጫ ወይም ለክፍያ መጠየቂያ በሚቀርብበት ወቅት አንድ አኃዝ በስሕተት መነበቡ ገዢው ያስታወቀው መጠንና ሻጩ ያስታወቀው መጠን እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ልዩነት በማጣራት ሂደት ውስጥ ሲገኝ እንዲያስረዳ የሚጠየቀው በአብዛኛው ደረሰኙን ያቀረበው ግብር ከፋይ ነው። ይህ ጽሑፍ የተሸፈነ ድምር እንዴት እንደሚነበብ፣ ንባቡ በስሌት እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ ማረጋገጥ የማይቻል ሲሆንም ወደ ማን መሄድ እንደሚገባ ያስረዳል።

ማኅተሙ ድምሩ ላይ የሚያርፍበት ምክንያት

በአገራችን የጽሕፈት ቤት ልማድ ክብ ማኅተም በከፊል በፊርማው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ይህም ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ፊርማውና ማኅተሙ አንድ ላይ ሲያያዙ አንዱን ከሌላው ለይቶ ወደ ሌላ ወረቀት ማዛወር አስቸጋሪ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ከደረሰኙ አቀማመጥ ነው። በአብዛኛዎቹ የሽያጭ ደረሰኞች ላይ የፊርማው ቦታ ከጠቅላላ ድምሩ ሳጥን ሥር ወይም ጎን ስለሚገኝ፣ ፊርማውን ለመንካት የተመታው ማኅተም ጠርዙ ድምሩን ይሻገራል።

አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ ቁጥሩ እንዳይለወጥ በማሰብ ማኅተሙን ሆን ብለው በድምሩ ላይ ያሳርፋሉ። አሳቡ መልካም ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ያልተሸፈነ አኃዝ ሲነካካ በዓይን ሊታወቅ ይችላል፤ በማኅተም ቀለም ሥር የተደረገ ለውጥ ግን ለመለየት እጅግ ይከብዳል። ቁጥርን ከለውጥ የሚጠብቀው መጠኑን በፊደል መጻፍ፣ በመጨረሻው ላይ «ብቻ» ብሎ መዝጋትና የቀረውን ባዶ ቦታ በመስመር መሙላት ነው።

የትኞቹ አኃዞች እንደሚሳሳቱ

የማኅተም ጠርዝ ቅስት መስመር ነው። ይህ ቅስት በ3 ግራ ጎን ሲያልፍ 8 ያስመስለዋል፤ በ5 ላይ ሲያልፍ ደግሞ 6 ወይም 8 መስሎ ይታያል። የፊርማ ጅራት በ1 ራስ ላይ ቢወድቅ 7፣ መሐሉን ቢያቋርጥ 4 ሊመስል ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን በሁለት አኃዞች መካከል የምትወድቅ የብዕር ነጥብ ናት። ነጥቧ የሺህ መለያ ወይም የሣንቲም መለያ መስላ ከተነበበች መጠኑ በአሥር ወይም በመቶ እጥፍ ይለወጣል። የሒሳብ መርማሪ በቁጥሩ ላይ የሚያደርገው የማረጋገጫ ምልክትም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያስከትል ምልክቱ ከቁጥሩ በስተቀኝ ባለው ባዶ ቦታ ቢደረግ ይመረጣል።

በፊደል የተጻፈውም መጠን ከሽፋን አያመልጥም። በዚህ ረገድ የአማርኛ የቁጥር ስሞች አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ አላቸው። ከሁለት እስከ ስምንት ያሉት ሁሉ በ«ት» ይጨርሳሉ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ስለዚህ የቃሉ መጀመሪያ ተሸፍኖ «...ት መቶ» የሚለው ብቻ ቢታይ፣ አንባቢው ማወቅ የሚችለው ቁጥሩ አንድ ወይም ዘጠኝ አለመሆኑን ብቻ ነው። እንደዚሁም ሠላሳ፣ ሃምሳና ስልሳ በ«ሳ»፣ አርባና ሰባ በ«ባ»፣ ሃያና ሰማንያ በ«ያ» ይጨርሳሉ። የቃሉ መጀመሪያ ፊደል ከታየ ግን ምርጫው ወዲያውኑ ይጠባል፤ «አም...» የሚለው አምስትን እንጂ ስምንትን ሊሆን አይችልም። በመሆኑም በፊደል የተጻፈውን ሲያነቡ ከመጨረሻው ይልቅ ወደ ቃሉ መነሻ መመልከት ይጠቅማል።

ወረቀቱን ሳይነኩ ማንበብ

የመጀመሪያው ጥንቃቄ በዋናው ደረሰኝ ላይ ምንም አለማድረግ ነው። የማኅተሙን ቀለም በአልኮል ወይም በላጲስ ለማስለቀቅ መሞከር፣ የደበዘዘውን አኃዝ በእስክሪብቶ ማድመቅ፣ ከጎኑ «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ መጻፍ፣ ሁሉም ደረሰኙን የተነካካ ሰነድ ያደርጉታል። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የታተመ ደረሰኝ ሲሆን ጉዳቱ የባሰ ነው። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ አልኮል ሲነካው ሊጠቁር ወይም ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ የቀለሙን ልዩነት መጠቀም ይቻላል። የኅትመቱ ቀለም ጥቁር፣ ማኅተሙ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ሴሎፎን በደረሰኙ ላይ ሲደረግ ነጩ ወረቀትም ማኅተሙም ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ጥቁሩ አኃዝ ጎልቶ ይወጣል። ለቀይ ማኅተም ቀይ ሴሎፎን ያስፈልጋል። በተቃራኒው ቀይ ሴሎፎን በሰማያዊ ማኅተም ላይ ቢደረግ ማኅተሙን ያጠቁረዋልና ችግሩን ያብሰዋል። ተመሳሳይ ውጤት በኮምፒውተር ላይም ይገኛል፤ ደረሰኙ በቀለም ስካን ተደርጎ በሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም የሰማያዊው ቀለም ክፍል ብቻውን ሲታይ ሰማያዊው ማኅተም ይፈዛል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማሳሰቢያ አለ። ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ማድረግ ማኅተሙንም አኃዙንም አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሚያደርጋቸው የነበረውን ልዩነት ያጠፋል። ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ቅጂ የግድ በቀለም ሊሆን ይገባል።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ደረሰኙ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ወይም በሰማያዊ ካርቦን የተባዛ ከሆነ፣ ሴሎፎኑ ማኅተሙን ብቻ ሳይሆን አኃዙንም ያደበዝዘዋል። በእጅ ለተጻፈ ደረሰኝ የሚሻለው በጎን ብርሃን ማየት ነው። የእጅ ባትሪ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ እስኪቃረብ ዘንበል ተደርጎ ሲበራ፣ እስክሪብቶው በግፊት የተወው ስርጉድ መስመር ጥላ ይሠራል። የጎማ ማኅተም እንዲህ ያለ ስርጉድ ስለማይተው አኃዙ ከማኅተሙ ተለይቶ ይታያል። ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው በጣት መዳሰስም አንዳንድ ጊዜ በቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው መንገድ ግን የደረሰኙን ሌላ ቅጂ ማየት ነው። ተባዝቶ የሚዘጋጅ ደረሰኝ አኃዞቹ በሁሉም ቅጂዎች ላይ በአንድ ቦታ ይገኛሉ፤ ማኅተሙ ግን በየቅጂው ላይ ለየብቻ ስለሚመታ በትክክል በአንድ ቦታ አያርፍም። በገዢው ቅጂ ላይ የተሸፈነው አኃዝ በሻጩ ጥራዝ በቀረው ቅጂ ላይ ግልጽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ንባቡን በስሌት ማረጋገጥ

በዓይን የተገኘ ንባብ ግምት ነው። ግምቱ የሚረጋገጠው ደረሰኙ በውስጡ በያዛቸው ሌሎች ቁጥሮች ነው። ለዚህ የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይቻላል።

የእንጨት ሥራ ድርጅት ያላቸው አንዲት ግብር ከፋይ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር 24 ሉሕ ኮምፔንሳቶ እያንዳንዱን በ1,450 ብር፣ 6 ጣሳ ኮላ እያንዳንዱን በ780 ብር፣ 10 ኪሎ ግራም ሚስማር እያንዳንዱን በ185 ብር ገዙ። በደረሰኙ ላይ የታክሱ መጠን 6,199.50 ብር ተብሎ በግልጽ ይነበባል። ከታክስ በፊት ያለው ድምርና ጠቅላላ ድምሩ ግን በክብ ማኅተሙ ጠርዝ ተሸፍነዋል። ጠቅላላ ድምሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ 47,829.50 ይመስላል፤ የመቶ ቤቱ አኃዝ 8 ይሁን 5 ወይም 6 ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በፊደል በተጻፈው ላይም «አርባ ሰባት ሺህ ...ት መቶ ሃያ ዘጠኝ ብር» የሚለው ብቻ ስለሚታይ ጥርጣሬውን አይፈታም።

የመጀመሪያው መንገድ ከዝርዝሩ መነሣት ነው። ኮምፔንሳቶው 34,800 ብር፣ ኮላው 4,680 ብር፣ ሚስማሩ 1,850 ብር ይሆናሉ፤ በአንድነት 41,330 ብር። በዚህ ላይ 15 በመቶ ታክስ 6,199.50 ብር ሲደመር 47,529.50 ብር ይመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ከታክሱ መነሣት ነው። ዝርዝሩን ሳይመለከቱ የታየውን 6,199.50 በ15 አካፍሎ በ100 ማባዛት 41,330 ብር ይሰጣል፤ ይህም ከመጀመሪያው ስሌት ጋር አንድ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተነሡት ከተለያዩ የደረሰኙ ክፍሎች በመሆኑ መገናኘታቸው ክብደት አለው። የመቶ ቤቱ አኃዝ 5 ነው።

ሦስተኛው የተጠረጠረውን ንባብ መፈተን ነው። ጠቅላላ ድምሩ 47,829.50 ቢሆን ኖሮ በ15 ተባዝቶ በ115 ሲካፈል በውስጡ ያለው ታክስ 6,238.63 ብር መሆን ነበረበት። ደረሰኙ ግን 6,199.50 ይላል። ልዩነቱ 39.13 ብር ስለሆነ በሣንቲም ማጠጋጋት ሊመጣ አይችልም፤ ስለዚህ 8 የሚለው ንባብ ይወድቃል። በጠቅላላ ድምሩ ላይ እያንዳንዱ የ100 ብር ልዩነት ታክሱን በ13.04 ብር ገደማ ስለሚለውጥ፣ የመቶ ቤት ስሕተት በዚህ ፈተና ሳይታወቅ አያልፍም። የአንድ ወይም የሁለት ሣንቲም ልዩነት ብቻ ሲታይ ግን ከማጠጋጋት የመጣ ሊሆን ስለሚችል እንደ ስሕተት መቁጠር አያስፈልግም።

ስሌቱ የማይሠራበት ሁኔታ

በ115 የማካፈሉ መንገድ የሚያገለግለው በደረሰኙ ላይ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በ15 በመቶ የሚታሰብባቸው ሲሆኑ ነው። ከታክስ ነፃ የሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት አብሮ ከተሸጠ፣ ወይም ከታክስ በኋላ የተደመረ ሌላ ሒሳብ ካለ፣ ጠቅላላ ድምሩን በ115 ማካፈል የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ታክስ የሚከፈልባቸውና የማይከፈልባቸው ለየብቻ መደመር አለባቸው። ቅናሽ የተደረገበት ደረሰኝም የቅናሹ መስመር ከተሸፈነ ዝርዝሩና ድምሩ የማይገጥሙ መስለው ይታያሉ።

ሌላው ወሰን ይበልጥ መሠረታዊ ነው። ስሌቱ ሻጩ ማባዛቱንና መደመሩን በትክክል ሠርቷል በሚል መነሻ ላይ የቆመ ነው። በእጅ በሚጻፉ ደረሰኞች ላይ የሒሳብ ስሕተት እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ውጤት ሲሰጡ የተሻለ የመሰለውን መርጦ መመዝገብ አይገባም። አለመግባባቱ ራሱ ደረሰኙ ወደ አውጪው መመለስ እንዳለበት ምልክት ነው።

የእጅ ጽሑፍ በኅትመት ላይ ተደርቦ ሲገኝም እንዲሁ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የታተመው ብዛት 21 ሆኖ በላዩ በእስክሪብቶ 24 ተብሎ ቢገኝ፣ ስሌቱ 24 ከድምሩ ጋር እንደሚገጥም ያሳያል እንጂ 24 ሉሕ በእርግጥ መረከቡን አያሳይም። ይህን ሊያሳይ የሚችለው የርክክብ ሰነድ ነው፤ ገዢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ማለትም ሞዴል 19፣ የግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የዕቃ መረከቢያው። ጽሑፉና ማኅተሙ የትኛው ቀድሞ እንደተደረገም በዓይን መወሰን አይቻልም። ጉዳዩ ወደ ክርክር ካመራ የሰነድ ምርመራ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለጉዳዩም ሆነ የመስኮት ሠራተኛው በዚህ ላይ ድምዳሜ ከመስጠት ሊቆጠቡ ይገባል።

ቼክ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። በንግድ ሕጉ ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች በተደነገገው መሠረት፣ በቼክ ላይ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው መጠን ሲለያይ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። ይህ ድንጋጌ ለቼክ የተሰጠ በመሆኑ በሽያጭ ደረሰኝ ላይ በቀጥታ ተግባራዊ እንደሚሆን አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ወደ አውጪው መመለስ

ንባቡ በስሌት ሲረጋገጥም ቢሆን፣ ከታክሱ መጠን አንጻር ጥርጣሬ እንዳይነሣ ከሻጩ ማረጋገጫ መያዝ ይመከራል። በምሳሌው ላይ ያሉት ግብር ከፋይ ተቀናሽ አድርገው የሚያቀርቡት ግብዓት ታክስ 6,199.50 ብር ነው፤ ደረሰኙ አይነበብም ተብሎ ውድቅ ቢሆን የሚያጡት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የወሩ ማሳወቂያ ጊዜ ከማለፉ በፊት ወደ መደብሩ ሄደው በጥራዙ የቀረው ቅጂ ኮፒ ተደርጎ በመደብሩ ማኅተምና ፊርማ እንዲረጋገጥላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ከተረጋገጠው ቅጂ ጋር የደረሰኙን ቁጥር፣ ቀኑንና ጠቅላላ ድምሩን በአኃዝና በፊደል የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ቢያያዝ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ምልልስ ይዘጋል። በደብዳቤው ላይ ማኅተሙ ዳግመኛ በቁጥሩ ላይ እንዳያርፍ ማሳሰብ አይከፋም፤ እንዲህ የሆነበት ጊዜ አለና።

ክፍያው በባንክ የተፈጸመ ከሆነ የዝውውር ማረጋገጫው ከደረሰኙ ውጭ የሆነ ማስረጃ በመሆኑ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ገዢው ሲከፍል ግብር ቀንሶ አስቀርቶ ከሆነ የተላለፈው ገንዘብ ከደረሰኙ ድምር ያንሳል። ልዩነቱን ለማስረዳት ተቀናሽ የተደረገበትን ደረሰኝ አብሮ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ሻጩ ስሕተቱ ከሽፋን ያለፈ መሆኑን፣ ማለትም ቁጥሩ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ካመነ፣ በደረሰኙ ላይ መደለዝ ወይም በነጭ ቀለም ሸፍኖ መጻፍ መፍትሔ አይሆንም። የሁሉም ቅጂዎች ተሰብስበው «ተሰርዟል» ተብሎ ከተጻፈባቸው በኋላ ከጥራዙ ሳይገነጠሉ ወይም ከጥራዙ ጋር ተያይዘው እንዲቀመጡና በሚቀጥለው ተራ ቁጥር አዲስ ደረሰኝ እንዲቆረጥ ይደረጋል። የመጀመሪያው ደረሰኝ በማሳወቂያ ላይ ከቀረበ በኋላ ግን መሰረዝ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ሁለቱም ወገኖች ያስታወቁትን መጠን የሚያስተካክሉበትን መንገድ ከሚገለገሉበት የግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ይኖርባቸዋል።

ለሚያትሙና ለሚከፍሉ ክፍሎች

ደረሰኝ የሚያሳትሙ ድርጅቶች ከድምሩ ሳጥን በስተግራ የማኅተም ቦታ ቢለዩ ከላይ የተገለጸው ችግር አብዛኛው ይቀራል፤ ክብ ማኅተማቸውን በወረቀት ላይ መትተው በመለካት ከዚያ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ መተው ይችላሉ። ክፍያ የሚፈጽሙ የሒሳብ ክፍሎችም አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈልበት «ተከፍሏል» የሚለውን ማኅተም መምታታቸው ተገቢ ሆኖ፣ ማኅተሙ በደረሰኙ የላይኛው ባዶ ቦታ ወይም በዝርዝሩ ሥር ባሉት ያልተሞሉ መስመሮች ላይ ሊያርፍ ይገባል። የክፍያ ማዘዣ ቁጥር መጻፍ ሲያስፈልግም በኅዳጉ ላይ ይጻፋል።

በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ላይ ማኅተም ከመመታቱ በፊት በቀለም ኮፒ ወይም ስካን ተደርጎ ቢያዝ ይመረጣል። የማኅተሙ ቀለም ከወረቀቱ ሽፋን ጋር ተዋሕዶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሥሩ ያለውን ኅትመት ሊያደበዝዝ ስለሚችል፣ ዛሬ በማኅተሙ ሥር የሚነበበው ድምር ሰነዱ ለምርመራ በሚፈለግበት ጊዜ ላይገኝ ይችላል። የግድ ማኅተም የሚያስፈልግ ከሆነ ደረሰኙ በነጭ ወረቀት ላይ ከላይኛው ጠርዙ ተያይዞ ማኅተሙ በወረቀቱ ላይ ይመታል፤ የደረሰኙን ጠርዝ በጥቂቱ ቢነካ በቂ ነው።